ለኦዲተር «ማየት ብቻ» የሚል መግቢያ ሲጠየቅ ኢሜይሉ ምን ይበል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው። የውጭ ኦዲተሮች ሊመጡ ነው። ሲስተሙን የሸጠልን ድርጅት ማየት ብቻ የሚችሉበት መግቢያ እንዲከፍትልን ኢሜይል ልጽፍ ነው። ምን ልበል?»

ወንድሜ፣ «ለኦዲተሮች አክሰስ ስጡልን» ብለህ ብቻ እንዳትልክ። እንዲህ ከጻፍክ ድጋፍ ሰጪው እጁ ላይ ያለውን ዝግጁ የፈቃድ ጥቅል፣ ሮል የሚባለውን፣ ይሰጥሃል። ያ ሮል ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል። ከጠበበ ኦዲተሩ ትራያል ባላንሱን ያያል፣ ከዚያ ወደ ጆርናሉ መውረድ ግን አይችልም። ቀኑን ሙሉ «ይሄንን አትምልኝ» ሲልህ ይውላል። ከሰፋ ደግሞ የባሰ ነው፤ ኦዲተሩ ሂሳቡን መለወጥ ይችላል።

እኔ ደሴ ሆኜ የምልከው ይህን ይመስላል፦

«የ2017 በጀት ዓመት ሂሳባችንን ለሚመረምሩ ሁለት ኦዲተሮች ለየብቻቸው መለያ እንዲከፈትልን እንጠይቃለን። ከሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀምሮ እስካሁን ያለውን ጆርናል፣ ሌጀር፣ ትራያል ባላንስ፣ የተያያዙ ሰነዶችን፣ እንዲሁም ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚያሳየውን መዝገብ ማየትና ወደ ኤክሴል ማውጣት ይቻላቸው። መመዝገብ፣ ማረም፣ መሰረዝ፣ ማጽደቅ፣ ከኤክሴል ማስገባትና የተዘጋ ወር መክፈት አይፈቀድላቸው። መለያዎቹ ኅዳር 30 ቀን 2018 በራሳቸው ይዘጉ። ከላይሰንሳችን የተጠቃሚ ቁጥር ላይ የሚቆጠሩ ከሆነ አስቀድማችሁ አሳውቁን።»

«እስካሁን» ያልኩት በምክንያት ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቢዘጋም፣ ኦዲተር የሐምሌና የነሐሴ ምዝገባም ማየት ይፈልጋል። የሰኔ ወጪ ወደ ሐምሌ ተገፍቶ እንደሆነ የሚያውቀው በዚያ ነው። ለየብቻ መለያ ያልኩትም፣ ሁለት ሰው በአንድ ስም ከገባ መዝገቡ ማን ምን እንዳየ ስለማይለይ ነው።

«ከኤክሴል ማስገባት» የምትለዋን እንዳትዘላት። እኛ ጋ «ማየት ብቻ» ተብሎ በመጣ ሮል ላይ «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ ጠፍቷል። የኢምፖርት ገጹ ግን ክፍት ነበር፤ በዚያ በኩል ሙሉ ጆርናል ይገባ ነበር። ቁልፍ መደበቅና ፈቃድ መከልከል ለየቅል ናቸው።

ስለዚህ መለያው ሲመጣ ለኦዲተሩ ከማስረከብህ በፊት ራስህ ግባበት። ሻጩ የሙከራ ኮፒ ካለው እዚያ ላይ የ1 ብር ጆርናል ለመመዝገብ ሞክር። ያንኑ በኢምፖርት ሞክር። አንድ የጸደቀ ቫውቸር ለማረምም ሞክር። ሦስቱም «ፈቃድ የለህም» ማለት አለባቸው። ከዚያ አንድ ሌጀር ወደ ኤክሴል አውጣ፤ ይህኛው ደግሞ መሥራት አለበት። ብዙ ሲስተም ላይ ሮል ሲደራረብ ፈቃድ ይደመራል። መለያው ላይ ሌላ ሮል ተጭኖ ከሆነ የኦዲተሩ ክልከላ ዋጋ የለውም።

ኢሜይሉ ከፋይናንስ ኃላፊህ አድራሻ ይውጣ፣ አንተ በኮፒ ሁን። ኦዲተሮቹ በቀጥታ ለሻጩ እንዳይጽፉ። የይለፍ ቃሉም እዚያው ኢሜይል ላይ እንዳይመጣ ንገራቸው፤ በስልክ ይስጡህ፣ ኦዲተሩ መጀመሪያ ሲገባ ይቀይረው።