ከቤት ለሚሠራ ሰው ሲቪ ስታነቡ

ይህን የምጽፈው በቅርቡ የሰው ኃይል ክፍል ገብታችሁ የሲቪ ክምር ለተሸከማችሁ ልጆች ነው። እኔ እዚህ ድሬ በጭነት ማስተላለፍ ሥራ ላይ ሸብቻለሁ። አሁን የምንቀጥረው የሰነድ አስተባባሪ ሁለት ቀን ከዚራ ካለው ቢሯችን፣ ሦስት ቀን ከቤቱ ይሠራል። ጅቡቲ ካለው ወኪል፣ አዲስ አበባ ካለው ደንበኛና ከትራንዚተሩ ጋር ሲጻጻፍ ይውላል። ማንም ጎኑ ቆሞ አያየውም።

ስለዚህ ሲቪው ላይ ሦስት ነገር እፈልጋለሁ፤ ራሱን ማስተዳደሩን፣ አጥርቶ መጻፉንና የምንጠቀምባቸውን መሣሪያዎች መልመዱን። ችግሩ ሦስቱንም ማንም ሰው ጽፎ ማለፍ ይችላል። «በራሴ ተነሳሽነት የምሠራ» የማይል ሲቪ እስካሁን አልገጠመኝም።

በቅርቡ ጎን ለጎን ያነበብኳቸውን ሁለት ሲቪዎች ላሳያችሁ። የመጀመሪያው ያምራል። ስላክ፣ ትሬሎ፣ ዙም፣ ጎግል ሺትስ ተደርድረው፣ በየአንዳንዳቸው አጠገብ ዘጠና በመቶ የተሞላ መስመር አለ። የምን ዘጠና በመቶ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። «ከርቀት የመሥራት ልምድ» የሚልም አለው፤ ምን እንደሠራ ግን የለም።

ሁለተኛው ላይ «ከርቀት» የሚል ነገር የለም። ልጅቷ ጅግጅጋ አንድ መጋዘን ብቻዋን ይዛ ሠርታለች፤ የቅርብ ኃላፊዋ አዲስ አበባ ነበር። እንዲህ ትላለች፦ «በየሐሙሱ የዕቃ ሪፖርት እልክ ነበር። ሌሎች ሁለት መጋዘኖችም የሚሞሉትን አንድ ጎግል ሺት አዘጋጅቻለሁ፤ ጉድለት ያለበት መስመር በቀይ ይታያል።» በቃ፣ ሰዓቱን የሚጠብቅላት ሰው ሳይኖር ሐሙስን ጠብቃለች። መሣሪያውንም ለሌላ ሰው እንዲያገለግል አድርጋ ሠርታበታለች። ቶሎ ቶሎ የሚገልጥ አንባቢ ግን የመጀመሪያውን ያሳልፍና እሷን ይጥላታል።

ለዚህ ነው ሲቪዎቹን ከመክፈታችሁ በፊት ነጥብ አሰጣጡን ጨርሱ የምለው። እኔ ለሦስቱም ከዜሮ እስከ ሁለት እሰጣለሁ። ቃሉ ብቻ ካለ ዜሮ። ከተሠራ ሥራ ጋር ከተያያዘ አንድ። ሥራው ለማን እንደደረሰ ወይም ምን እንደለወጠ ከታየ ሁለት። ከነጥቡ ጎን ነጥቡን ያሰጠውን ዓረፍተ ነገር ከሲቪው ገልብጡ። የምትገለብጡት ካጣችሁ፣ ነጥቡን የሰጣችሁት በስሜት ነው ማለት ነው። ሌላ ባልደረባም ነጥባችሁን ሳያይ ለብቻው ያንብብ።

መሣሪያ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ትሬሎን ያልነካ ሰው በሳምንት ይለምደዋል። ከባዱ አንድን ሰነድ ከሌሎች ጋር መጋራትና የትኛው ቅጂ የመጨረሻው እንደሆነ ማወቅ ነው። የጋራ ፋይል ያስተዳደረ ሰው የትኛውንም ሶፍትዌር ቢሰጡት አያቅተውም።

የጽሑፍ ችሎታ ግን ከሲቪ ብቻ አይለካም። እኛ አገር ሲቪ ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም ኢንተርኔት ቤት የሚሠራ ልጅ ነው የሚጽፈው። ሲቪው የመጣበትን ኢሜይል አንብቡ። ርዕስ አለው? ማስታወቂያው የጠየቀውን መልሷል? የእንግሊዝኛ ስህተት ስላያችሁ ብቻ ሰው አትጣሉ፤ የተዝረከረከ ሐሳብ ሌላ፣ የሰዋስው ግድፈት ሌላ ነው።

ከዚያ ለተረፉት ሁሉ አንድ ዓይነት የግማሽ ሰዓት ሥራ ላኩ። የእኛ ይህ ነው፦ «ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ደርሷል። ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ያለው ክብደት አይገጥምም። ለደንበኛው መልእክት ጻፉ።» ደካማው መልስ «ሰነዱ ችግር አለበት፣ በአስቸኳይ ይደውሉልን» ይላል። ጥሩው የትኛው ሰነድ ላይ ስንት ኪሎ እንደተጻፈ ይናገራል፤ ማን አርሞ እስከ መቼ እንደሚልክ፣ ካልላከ ዕቃው እንደሚቆምና የወደብ ኪራይ ሊመጣ እንደሚችል ይነግረዋል። አንዷ «ነገ ከሰዓት 9 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር (15:00)» ብላ ጽፋ ወዲያው ልቤን ወሰደችው። የጅቡቲው ሰው 9 ሲባል ጠዋት ነው የሚገባው፤ በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ሲባክን አይተናል።

መብራትና ኔትወርክን ከሲቪ አትገምቱ። የሰፈሩን ስም አይታችሁ ሰው አትጣሉ። ስልክ ደውላችሁ «መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዴት ይቀጥላል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ጄኔሬተር አለን» የሚለው ጥሩ ነው። እኔ ግን «በስልኬ ዳታ ለቡድኑ እጽፋለሁ፣ የጀመርኩት ሥራ የት እንደደረሰ ሺቱ ላይ ስላለ ሌላ ሰው ይቀጥለዋል» ያለውን ነው የማስቀድመው።