የደረቀ የቀለም ጠብታ ከሴራሚክና ከመስታወት ላይ ማስለቀቅ

«ደሴ ያለውን ቤታችንን ቀለም ቀብተን ጨረስን፤ ሴራሚኩና የመስኮቱ መስታወት ግን በደረቀ ጠብታ ተሞልቷል። በምን ይለቅቃል?»

የግድግዳው ፕላስቲክ ቀለም ከሆነ ሙቅ ውኃና ፈሳሽ ሳሙና ይበቃዎታል። ጨርቅ ነክረው ጠብታው ላይ ያንጥፉና 15 ደቂቃ ያቆዩት። ጠርዙ በጥፍር ሲነኩት እንደ ላስቲክ ከተነሣ ደርሷል፤ ካልተነሣ ጨርቁን ደግመው ያንጥፉ። ከሴራሚኩ ላይ በፕላስቲክ መፋቂያ አግድም ይግፉት። በሴራሚኮቹ መካከል ባለው የሲሚንቶ መስመር የገባውን ግን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይሹት፤ መፋቂያ መስመሩን ይቦረቡረዋል።

ለመስታወቱ አዲስ ምላጭ ያስፈልጋል። መስታወቱን በሳሙና ውኃ አርጥበው ምላጩን አጋድመው ወደ ፊት ብቻ ይግፉ፤ ወደ ኋላ አይጎትቱ። ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላ ምላጩን ይጥረጉ።

የበርና የመስኮት ዘይት ቀለም ለሳሙና አይበገርም። ጨርቅ በቲነር አርሰው ጠብታውን ብቻ ይሹ፤ መስኮት ይከፈት፣ የቡና ከሰልም በአቅራቢያው አይኑር።

አንድ ነገር አደራ! ኮምቦልቻ የእኅቴን ቤት ሳጸዳ መስታወቱን አቧራውን ሳላጥብ ፋቅሁት። ከምላጩ ሥር የገባችው አሸዋ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች አወጣች፤ የታዩኝ በማግሥቱ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ነው፤ ጭረት ደግሞ በቀላሉ አይለቅቅም። ስለዚህ መጀመሪያ መስታወቱን በብዙ ውኃ ይጠቡት፣ ቀጥሎ አንድ ጥግ ላይ ይሞክሩ። ምላጩ ሲሄድ የመፋጨት ድምፅ ከሰሙ ወዲያውኑ አቁመው እንደገና ይጠቡ።