ስለ ሪፖርት መዘግየት ለሠራተኛ የሚጻፍ ደብዳቤ

ጥያቄ፦ «የክምችት ሠራተኛዬ ሪፖርት በየጊዜው ይዘገያል። ሳላስቀይመው በጽሑፍ እንዴት ልንገረው?»

መልስ፦ አስቀድመው በቃል ያነጋግሩት፤ ደብዳቤው በዚያው ቀን ይከተል። እኔ አዳማ በአንድ መጋዘን ኃላፊ ሳለሁ ለአንድ ሠራተኛ «ቸልተኛ ነህ» ብዬ ጽፌለት፣ ስለ ሪፖርቱ ሳይሆን ስለ ቃሉ ስንከራከር ሳምንት አለፈ። በሁለተኛው ደብዳቤ ግን ጠባዩን ትቼ የሆነውን ብቻ አሰፈርሁ፦ «ሰኞ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት መድረስ የነበረበት ሪፖርት በ4 ሳምንት ውስጥ 3 ጊዜ ማክሰኞ ደርሷል፤ በዚህም ምክንያት ግዢ ክፍሉ በግምት አዟል። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በሰዓቱ እንዲደርሰኝ፣ የሚዘገይ ከሆነም እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት እንድታሳውቀኝ እጠብቃለሁ።»

ሳነጋግረው የወጪ ደረሰኞቹ እጁ የሚገቡት ሰኞ ረፋድ እንደነበር ስለተረዳሁ (ይህን ሳልጠይቅ መጻፌ የእኔ ጥፋት ነበር)፣ «ደረሰኞቹ ዓርብ እስከ 11 ሰዓት እንዲደርሱህ እኔ አስደርጋለሁ» የሚል ጨመርሁ። «እናግዝሃለን» ብቻ ከተባለ ማን፣ ምን፣ መቼ እንደሚያደርግ ስለማይታወቅ እንደ ድጋፍ አይቆጠርም።

ደብዳቤው የዲሲፕሊን ማስጠንቀቂያ ካልሆነ ይህንኑ በግልጽ ይጻፉ፤ ካልተጻፈ ሠራተኛው የስንብት መንደርደሪያ አድርጎ ያነበዋል። እኛ ለ6 ሳምንት ሰኞ ሰኞ ለ15 ደቂቃ እየተገናኘን፣ ሪፖርቱ የደረሰበትን ሰዓት በዚያው ደብዳቤ ግርጌ እንመዘግብ ነበር።