ቀድሞ የመጣ ይቅደም?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ድሬዳዋ የምትሠራ አንዲት ወጣት ነርስ ደወለችልኝ። ኦክስጅን ሲያጥር ማን እንደሚቀድም የክፍላቸውን መመሪያ እየጻፉ ነው። «ሲስተር፣ ቀድሞ የመጣ ይቅደም ብንል አይሻልም? ማንም አያማንም» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጡረታ ከመውጣቴ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ሐረር፣ ድንገተኛ ክፍል። ሦስት ሕፃናት በሳንባ ምች ተኝተዋል። ያለን አንድ ኮንሰንትሬተር ነው፤ የክፍሉን አየር ስቦ ኦክስጅኑን የሚያጣራው ማሽን። በደቂቃ አምስት ሊትር ይሰጣል። ማከፋፈያ ገጥመንለት ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሊትር እናደርሳለን። ለሕፃን ይበቃል። አራተኛው በሽተኛ ከተማው የሚያውቃቸው ነጋዴ ናቸው። እሳቸውም የሳንባ ምች ነው። ከሰዓት በኋላ በልጃቸው መኪና መጥተው ሲሊንደሩ ተሰጣቸው፤ በማስክ፣ በደቂቃ አሥር ሊትር።

ከሕፃናቱ ትንሹ ከፈዲስ በኩል የመጣ ነው። እናቱ አዝላው ረጅም መንገድ በእግሯ ሄዳ፣ ከዚያ በአይሱዙ ተጭና፣ ሊመሽ ሲል ደረሰች። ነጠላዋ አቧራ ለብሶ ነበር። በዚያ ዘመን የፈዲስ ሴቶች ጠዋት ወደ ሐረር ገበያ ሲገቡ እንጨቱን ተሸክመው እንዴት እንደሚፈጥኑ አስታውሳለሁ። እሷም እንደዚያ ፈጥና ነው የመጣችው። ግን መንገዱ መንገድ ነው።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ የሚደርሰው ለኦፕሬሽን ክፍል ብቻ ነው። ኮንሰንትሬተሩ ጮኾ ቆመ። የቀረን የነጋዴው ሲሊንደር ነው። ሌላ ሲሊንደር የሚመጣው ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከድሬዳዋ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ነው። ሕፃናቱስ ብዬ ተረኛውን ሐኪም ጠየቅሁት። ብቻውን ነበር፣ ደክሞታል። «ቀድመው የመጡት እሳቸው ናቸው» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሌላ የሚይዘው ደንብ አልነበረውም።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የፈዲሱ ሕፃን አረፈ። መብራት የመጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ያን ሌሊት ማንም አልሠራውምና። ትልቁ ሲሊንደር ሙሉ ሲሆን 6,800 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ ወደ 150 ባር ያሳያል። የእኛው 100 ላይ ነበር። ስለዚህ 4,500 ሊትር ያህል አለ ማለት ነው። በደቂቃ አሥር ሊትር ከሄደ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው የሚቆየው። ለነጋዴው ብቻ ቢሆን እንኳ ሌሊት ዘጠኝ ተኩል ላይ ያልቃል እንጂ አያነጋም! ሦስቱ ሕፃናት ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢወስዱ የሚፈጁት 2,160 ሊትር ነው። ከግማሽ በታች።

ሌላም ነገር አለ። ጣታቸው ላይ ያለው መለኪያ የነጋዴውን የደም ኦክስጅን መጠን 97 በመቶ ያሳይ ነበር። ለአብዛኛው በሽተኛ ከ90 በላይ ከሆነ ይበቃል። ወደ ስድስት ሊትር ዝቅ አድርጎ ማየት ይቻል ነበር። ስድስቱ ከሕፃናቱ ሦስት ጋር ዘጠኝ ነው፤ ለስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይበቃል። መብራቱ የመጣው ከጠፋ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። በእርግጥ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ይህን የምነግራችሁ ግን ስለ ፍትሕ ከመከራከራችሁ በፊት ጌጁንና ጣቱን እንድታዩ ነው። የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ላይ ሁሉን ታሰላላችሁ፤ ሲሊንደሩ ጋ ጎንበስ ብሎ ጌጅ የሚያነብ ግን አንሷል። ይህ ያናድደኛል።

ለክቶም ካልበቃስ? እዚህ ላይ ነው ጆን ሮልስ የረዳኝ። አሜሪካዊ ፈላስፋ ነው፤ ዋናው መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ደንብ የምታወጡ ሰዎች ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጡ። ሀብታም ሁኑ ድኻ፣ ሕፃን ሁኑ ሽማግሌ፣ የየት ሰፈር ሰው እንደሆናችሁ አታውቁም። መጋረጃው ሲገለጥ የትኛው አልጋ ላይ እንደምትገኙ ሳታውቁ የምትስማሙበት ደንብ፣ እሱ ፍትሐዊ ነው። ለራስ ማድላት አይቻልማ።

«ቀድሞ የመጣ ይቅደም» የሚለውን ከዚህ መጋረጃ ጀርባ አስቀምጡት። ሲያዩት ለሁሉም እኩል ይመስላል። ግን የፈዲሷ እናት ልጅ ልትሆኑ እንደምትችሉ ካሰባችሁ ትፈርሙበታላችሁ? ቀድሞ የሚመጣው መኪና ያለው፣ ሐኪም ቤቱ አጠገብ የሚኖር፣ ስልክ የሚደውልለት ዘመድ ያለው ነው። ደንቡ ሰዓት የሚለካ ይመስለናል፤ የሚለካው መንገድና ገንዘብ ነው።

ሮልስ ራሱ ደንብ ሲወጣ ከሁሉ የባሰበትን ሰው ሁኔታ ተመልከቱ ይላል። ይህ ስለ ሀብት ክፍፍል ስንነጋገር ይሠራል። በሞት ፊት ግን ይቸግራል። ለነጋዴው ሰጥተን ሕፃን ቢሞት፣ ለሕፃናቱ ሰጥተን ነጋዴው ቢሞቱ፣ በሁለቱም መንገድ የባሰበት ሰው ዕጣ ሞት ነው። መርሁ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ቁጥር ይግባ እላለሁ። አራት አልጋ አለ፤ የማን እንደምሆን አላውቅም፤ በአንዱ ሲሊንደር ሦስት ሰው የሚያነጋውን ደንብ እመርጣለሁ። በአማካይ የሚበጀውን ምረጡ የሚለው የኢኮኖሚው ሊቅ የጆን ሃርሳኒ መንገድ ነው፤ ሮልስ በጽኑ ተከራክሮበታል። እዚህ ጋ ሁለቱን አደባልቄአለሁ፤ አላፍርበትም።

ዕድሜን ግን ደንቡ ውስጥ አታስገቡ። ሕፃናቱ የሚቀድሙት ሕፃን ስለሆኑ ሳይሆን ጥቂት ስለሚበቃቸው ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ሌሊት ልቤ ያደላው ለሕፃኑ ነበር፤ ዛሬም ያደላል። ሁለቱ አይገጣጠሙልኝም።

የሰውን «ጥቅም» መመዘንም አይግባ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲያትል ውስጥ ለኩላሊት እጥበት ማሽን ማን እንደሚመረጥ የሚወስን ሰባት ሰዎች ያሉት ኮሚቴ ነበር። ሥራን፣ ገቢን፣ ቤተ ክርስቲያን መሳምን ሳይቀር ያዩ ነበር። መጋረጃው የሚከለክለው በትክክል ይህንን ነው።

ሮልስ መጋረጃውን ያሰበው ለአገር ተቋማት እንጂ ለአንድ ሲሊንደር እንዳልሆነ ልብ በሉ። ወደ ጤናው ያስፋፋው ሌላው ፈላስፋ ኖርማን ዳንኤልስ ነው። ስለዚህ በሽተኛ ፊት ቆማችሁ መጋረጃ አታስቡ፤ የአልጋው ሰው ታውቋል፣ ዘመዱ በር ላይ ነው። ደንቡ በቀን፣ ማንም ሳይታመም፣ ከፈዲስም ከጁገልም ሰው ተቀምጦበት ይጻፍ።

አንድ ያልጨረስኩት ነገር አለ። ማስክ ከፊቱ ላይ ማንሳት ካለመስጠት ይከብዳል። ነጋዴውን ብናነሳ ኖሮ እጄ ይሠራው እንደነበር አላውቅም። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ አንድ ነው፤ ኦክስጅን ሲጀመር ለቤተሰቡ «በየአራት ሰዓቱ እንለካለን፣ መጠኑ ሊቀንስ ወይም ሊዛወር ይችላል» ብላችሁ ንገሩ፣ ካርዱ ላይም ጻፉት። ይህን አስቀድሞ የሰማ ዘመድ ሌሊት ላይ አልሰማሁም አይልም። ነርሷም ብቻዋን አትወስንም።