ማዮማ ስለተገኘ ደሙ የሱ ነው ማለት አይደለም

«የ42 ዓመት ሴት ናት፣ 3 ሳምንት ሙሉ ደም እየፈሰሳት መጣች። አልትራሳውንዱ 2 ሴንቲ ሜትር ማዮማ ይላል። ትራኔክሳሚክ ሰጥቼ ሪፈር ልጻፍላት ወይስ እዚሁ የማየው ነገር አለ? ድሬ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው።»

ሪፈሩ አይቀርም፣ ግን ዛሬውኑ እዚያው የምታዪው ብዙ አለ እህቴ። እኔ በዚችው በ2 ሴንቲ ማዮማ ተሸውጄ አውቃለሁ።

ቀፊራ አትክልት የምትሸጥ የ43 ዓመት ሴት ነበረች፣ ወፈር ያለች። ደሜ አልቆም አለ ብላ መጣች። በዚያ የድሬ ሙቀት ተራው ረዝሟል፣ ወረቀቷ ላይ «ማዮማ» የሚለውን አየሁና ትራኔክሳሚክና አይረን ጽፌ ሸኘኋት። ከ6 ሳምንት በኋላ በባጃጅ አመጧት፣ ሄሞግሎቢኗ 6.9 ሆኖ። ደም እየተሰጣት አጠገቧ ተቀምጬ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ያን ጊዜ ጠየቅኳት፦ ይሄ ከመጀመሩ በፊት አበባሽ እንዴት ነበር የሚመጣው?

«2 ወር፣ 3 ወር ይጠፋል፣ ከዚያ ሲመጣ 2 ሳምንት ይዘንባል። አንዳንዴ በቀን 10 ሞዴስ» አለችኝ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጤናማ ዑደት ከ24 እስከ 38 ቀን ባለው ውስጥ ይመጣል፣ ከ8 ቀን አይበልጥም። ማዮማ ሲያደማ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን አያዛባም፣ አበባው በሰዓቱ ይመጣል ግን ይበዛል። ቀኑ ራሱ ከጠፋ እንቁላል በወጉ እየወጣ እንዳልሆነ ጠርጥሪ። እንቁላል ካልወጣ ፕሮጀስተሮን የለም። ኢስትሮጅን ብቻውን የማህፀኑን ውስጠኛ ግድግዳ ሲያወፍር ይከርምና ግድግዳው እዚህም እዚያም ይፈርሳል፣ ደሙም ማቆሚያ ያጣል።

ወረቀቷን እንደገና ሳነበው ማዮማው ወደ ውጭ፣ ወደ ሆድ በኩል የወጣ ነው። እንዲህ ያለው ደም አያፈስም፣ የሚያፈሰው ወደ ማህፀኑ ክፍተት የገባው ነው። ከሱ ሥር ደግሞ የውስጠኛው ግድግዳ ውፍረት 19 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። ዘልዬዋለሁ አቦ።

አሁን ወዳንቺ ታካሚ። ከሁሉ በፊት የልብ ምትና ግፊት፣ ከዚያ የእርግዝና ምርመራ። «42 ዓመቴ ነው፣ ባሌ ሩቅ አገር ነው» ብላ ብትምልም አድርጊው። ከዚያ ሄሞግሎቢን። የሚቀጥለው ስፔኩለም ነው፣ እኛ አገር «ደም ላይ ናት» እየተባለ የሚዘለለው እሱ ነው። በጎዝ ጠርገሽ እይ። ደሙ ከማህፀን አፍ ቀዳዳ ነው የሚወርደው ወይስ አፉ ራሱ ነው የሚደማው? ስትነኪው የሚደማ ሻካራ ቁስል ወይም እብጠት ካየሽ ነገሩ ሌላ ነው፣ ካንሰር አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ካንሰር ነው ብለሽ ወዲያው ላኪያት። ከግንኙነት በኋላ ደም ታይ እንደሆነ ለብቻዋ አድርገሽ ጠይቂያት፣ አማቷ ፊት አትነግርሽም። ከዚያ በእጅ መርምሪ፣ ማህፀኑ ተልቋል ወይ፣ ወጣ ገባ ነው ወይ።

የዚህ ዓይነት ደም መንስኤዎችን የሚከፍለው፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የፊጎ ክፍፍል 9 ምድብ አለው፣ እኔ ግን ለሁለት ነው የምከፍለው። በዓይን፣ በአልትራሳውንድ ወይም በናሙና የሚታይ አለ፦ ፖሊፕ፣ አዴኖማዮሲስ፣ ማዮማ፣ ካንሰርና ቅድመ ካንሰር። የማይታየው ደግሞ ተጠይቆ ነው የሚገኘው። የደም አለመርጋት ችግር ከሆነ ከመጀመሪያው አበባዋ ጀምሮ ይበዛባታል፣ ጥርስ ስትነቀል ደሙ እምቢ ብሎ ያውቃል። መድኃኒት ከሆነ «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ስትያት አልወስድም ትላለች። «መርፌ ወይ ክንድሽ ላይ የተቀበረ?» ስትያት ግን አዎ ትላለች። ቀኑ የተዛባባት ከሆነ የታይሮይድ ምርመራም ጨምሪ።

የማህፀኑ ውስጠኛ ግድግዳ ናሙናስ ለማን? 45 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነች ሁሉ። ከዚያ በታች ደግሞ የሰውነት ውፍረት ወይም ለረጅም ጊዜ የተዛባ ዑደት ካለባት፣ ወይም መድኃኒት ካልሠራላት። በአልትራሳውንድ በታየ የግድግዳ ውፍረት ብቻ አትወስኚ፣ የ4 ሚሊ ሜትሩ ልክ ካረጡ በኋላ ለሚደሙ ነው፣ አበባ ለምታይ ሴት አይሠራም። የኔዋ ናሙና የግድግዳ መወፈር ሆኖ ተገኘ፣ ግን የተበላሸ ሴል አልነበረውም። 6 ወር ፕሮጀስተሮን ወሰደች፣ በድጋሚ ሲወሰድ ንጹሕ ሆነ። ማዮማው አሁንም አለ፣ ማንም አልነካውም።

ትራኔክሳሚኩን ስጪ፣ 1 ግራም በቀን 3 ጊዜ፣ ከ5 ቀን ሳይበልጥ፣ እግሯ ወይም ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቶ የሚያውቅ ከሆነ ግን ተዪው። ሪፈሩ ላይ «ማዮማ» ብለሽ ብቻ አትጻፊ። ዑደቷን በቀን ቁጥር፣ የሞዴሱን ብዛት፣ ስፔኩለሙ ላይ ያየሽውን፣ ማዮማው የት እንዳለ ጻፊ። ወረቀቱ ላይ ቦታው ካልተጻፈ አልትራሳውንዱን የሠራውን ደውለሽ ጠይቂው።