ፕሮቪደንት ፈንድን ወደ ዕድሜ ልክ ገቢ መቀየር፦ አማካይ ዕድሜ ወርኃዊ ክፍያውን እንዴት ይወስነዋል? (ጥያቄና መልስ)

በገላን፣ በዱከምና በቱሉ ዲምቱ በኩል ባሉ ፋብሪካዎች ከሚሠሩ አባሎቻችን መካከል ጡረታ መውጫቸው የደረሰ ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በ2003 ዓ.ም. ከመውጣቱ በፊት በተጀመረ ፕሮቪደንት ፈንድ ውስጥ የቆዩ በመሆናቸው፣ የሚጠብቃቸው ወርኃዊ አበል ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ይህን ገንዘብ ለመድን ድርጅት ሰጥቶ እስከ ሕይወት ፍጻሜ ድረስ በየወሩ መቀበል የዕድሜ ልክ ክፍያ ይባላል። ለረጅም ዓመታት የሕይወት መድን ሒሳብ ስሠራ ስለቆየሁ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ከገላን፣ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፦ «60 ዓመት ሞልቶኛል። ድርጅቱ 1,800,000 ብር አለህ የሚል ወረቀት ሰጠኝ። ልጄ ግን የኢትዮጵያውያን አማካይ የዕድሜ ጣሪያ 60ዎቹ ውስጥ ስለሆነ ገንዘቡን ለስድስት ወይም ለሰባት ዓመት ብታካፍለው ይበቃሃል ይለኛል። እውነቱን ነው?»

ልጅዎ የጠቀሰው ቁጥር ትክክል ነው፤ የተጠቀመበት ቦታ ግን ትክክል አይደለም። ያ ቁጥር ዛሬ ለሚወለድ ሕፃን የሚሰላ ነው፣ በጨቅላነታቸው የሚሞቱትንም ሁሉ ይጨምራል። ከሦስት ወንድማማቾች አንዱ ዓመት ሳይሞላው ቢሞት፣ ሁለቱ ደግሞ 75 እና 78 ዓመት ቢኖሩ፣ የሦስቱ አማካይ 51 ይሆናል፤ በ51 ዓመቱ የሞተ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም። እርስዎ ያንን የሕፃንነት፣ የወጣትነትና የጎልማሳነት አደጋ ሁሉ አልፈው 60 ደርሰዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «60 ዓመት የደረሰ ሰው ከዚህ በኋላ በአማካይ ስንት ዓመት ይኖራል?» የሚለው ሲሆን፣ መልሱ ከስድስት ወይም ከሰባት ዓመት በጣም ይበልጣል። ለዛሬው ስሌታችን 18 ዓመት ብለን እንያዝ።

ገንዘቡን በሰባት ዓመት ከፋፍለው የጨረሱ ሰዎችን በሥራዬ ዘመን አይቻለሁ። በ67 ዓመታቸው ጤነኛ ነበሩ፣ እጃቸው ላይ ግን ምንም አልቀረም።

ከሰበታ፣ የሒሳብ መምህር፦ «ነገሩ እንግዲህ ቀላል ነው። 1,800,000ን ለ18 ብናካፍል በዓመት 100,000፣ በወር 8,333 ብር ይሆናል። ለዚህ ባለሙያ ምን ያስፈልገዋል?»

አካፋዩን በማግኘትዎ ግማሹን መንገድ ሄደዋል። ገንዘቡ ምንም ወለድ የማያስገኝ ቢሆን ኖሮ የዕድሜ ልክ ክፍያው አካፋይ ከቀሪው አማካይ ዕድሜ ጋር እኩል በሆነ ነበር። ነገር ግን ያልተከፈለው ቀሪ ገንዘብ ሥራ ላይ ስለሚውል አካፋዩ ያንሳል። ከዋጋ ንረት በላይ በዓመት 2 በመቶ የሚያስገኝ ከሆነ፣ በ18 ዓመት የሚያልቀው ክፍያ አካፋይ ወደ 15 ገደማ ይወርዳል። 1,800,000 ለ15 ሲካፈል በዓመት 120,000፣ በወር 10,000 ብር ይሆናል።

እርስዎ ያልነኩት ግን ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ። የገላኑ አባታችን የግድ በ78 ዓመታቸው አይሞቱም፤ «በአማካይ 18» ማለት ከፊሉ ሰው በአምስተኛው ዓመት፣ ከፊሉ ደግሞ በሠላሳኛው ዓመት ይሞታል ማለት ነው። ገንዘቡን ብቻውን ለ18 ዓመት የሚከፋፍል ሰው፣ ከዚያ በላይ ከኖረ 79ኛ ዓመቱን ባዶ እጁን ይጀምራል። የመድን ሒሳብ ሠራተኛ ስለዚህ አንድ አማካይ ቁጥር ይዞ አያካፍልም፤ በየዕድሜው ስንት ሰው እንደሚሞት ከሚያሳየው የሞት ሠንጠረዥ ላይ 61፣ 62፣ 63 እያለ እስከ መጨረሻው ድረስ፣ በየዕድሜው በሕይወት የመገኘትን ዕድል በየዓመቱ ክፍያ ያባዛል፣ ወደ ዛሬ ዋጋ ያመጣዋል፣ ከዚያም ይደምራል። ድምሩ ወለድ እስካለ ድረስ ከ15 ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ የመድን ድርጅቱ ወጪና ትርፍ ካልበላው በቀር የዕድሜ ልኩ ክፍያ በ18 ዓመት ከሚያልቀው በትንሹ ይበልጣል፣ ደግሞም አያልቅም።

ከቡራዩ፦ «ይህ አልገባኝም። የማያልቅ ሆኖ ሳለ እንዴት ይበልጣል? ብቻዬን ባንክ አስቀምጬ በየወሩ ባወጣስ?»

ልዩነቱ የሚመጣው ቀድመው ከሚሞቱት ሰዎች ድርሻ ነው። እድራችንን ያስቡት። እድር ሁሉም አዋጥተው ሞት ለደረሰበት ቤት የሚከፍሉበት ነው፤ ይህኛው ደግሞ ሁሉም አዋጥተው በሕይወት ለቆየው የሚከፍሉበት ነው።

አሥር የ80 ዓመት አረጋውያን እያንዳንዳቸው 60,000 ብር ይዘው አንድ ላይ አስቀመጡ እንበል። በዓመቱ 5 በመቶ ወለድ ስለሚያገኝ የእያንዳንዳቸው 63,000፣ ጠቅላላው 630,000 ብር ይሆናል። በዚያ ዓመት አንዱ አረፉ። 630,000 ለዘጠኝ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 70,000 ብር ይደርሳል። ብቻውን ባንክ ያስቀመጠው የ80 ዓመት ሰው 63,000 ላይ ነው ያለው። በ60 ዓመት ሟቹ ጥቂት ስለሆነ ይህ ጭማሪ ትንሽ ነው፤ በ80 እና በ85 ግን የትኛውም ባንክ ሊሰጠው የማይችለው ይሆናል። ገንዘቡን ብቻውን የያዘ ሰው የሚያጣው ይህንን ነው።

የዚህ ዋጋ ግልጽ ነው፦ በሁለተኛው ዓመት ለሞተ ሰው ቤተሰቡ ምንም ላይመለስለት ይችላል። ይህን የሚፈራ ሰው «ብሞትም ባልሞትም 10 ዓመት ይከፈል» የሚል ዋስትና ማስገባት ይችላል። 60 ዓመት የደረሱት አብዛኞቹ 70ን ስለሚያዩ ይህ ዋስትና ወርኃዊውን ክፍያ የሚቀንሰው በጥቂቱ ብቻ ነው። ልጆች ላሉት ሰው እኔ አስገባው ነው የምለው።

ከዱከም፦ «ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ፣ አንድ ጊዜም ተኝቼ ታክሜያለሁ። ለእኔ ይሆናል?»

ውሉ ጤናን የማይጠይቅ ከሆነ ለእርስዎ የሚያዋጣ አይመስለኝም። የመድን ድርጅቶች ዕድሜ ልክ ክፍያ የሚገዛው ራሱን ጤነኛ ነው ብሎ የሚያምን ሰው መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ከአጠቃላይ ሕዝቡ የበለጠ ዕድሜ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይጠቀማሉ። እርስዎ በዚያ ሠንጠረዥ ሲከፈልዎ፣ ከእርስዎ ብዙ ለሚኖረው ሰው ያዋጣሉ ማለት ነው። በእንግሊዝ ሕመም ላለበት ሰው ቀሪ ዕድሜው አጭር ተብሎ ስለሚሰላ ከፍ ያለ ወርኃዊ ክፍያ የሚሰጥ ውል አለ። እዚህ ውል የሚያቀርብልዎ ካለ ስለዚህ ነገር በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከለገጣፎ፦ «እኔ በጡረታ ውስጥ ነኝ፣ ከደመወዜ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪዬ 11 ይጨምራል። ሰው ረጅም ዕድሜ ሲኖር የእኔም አበል ይቀንሳል ማለት ነው?»

አይደለም። የእርስዎ አበል የሚሰላው በአገልግሎት ዘመንዎና በደመወዝዎ እንጂ በተጠራቀመ ገንዘብና በቀሪ ዕድሜ አይደለም። ሰዎች ብዙ ሲኖሩ ሸክሙ የሚያርፈው በፈንዱ ላይ ነው። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ፕሮቪደንት ፈንድ ነው፤ በእሱ ግን ሸክሙ የባለቤቱ ነው።

ከቱሉ ዲምቱ፦ «ሴት ብዙ ዕድሜ ትኖራለች ተብሎ ለእኛ በወር ያነሰ ይከፈላል ይባላል። ደመወዛችንም ያነሰ፣ ክፍያውም ያነሰ፤ ይህ ፍትሕ ነው?»

ስሌቱን ላሳይዎ፣ ፍርዱን ግን ለብቻዬ አልሰጥም። በዚያው 2 በመቶ፣ ለ18 ዓመት በወር 10,000 የሆነው ክፍያ ለ20 ዓመት 9,170፣ ለ22 ዓመት 8,500 ብር ገደማ ይሆናል። አራት ዓመት ዕድሜ 15 በመቶ ክፍያ ይወስዳል ማለት ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በመድን ውል ላይ በጾታ ዋጋ መለየት እንዲቀር የወሰነ ሲሆን፣ ይህም ከታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1983 እ.ኤ.አ. አሠሪው በሚያቀርበው የጡረታ ክፍያ ላይ ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥቷል። እኔ በግሌ ወደ እኩል ክፍያው አዘነብላለሁ።

የሰበታው መምህር እንደገና፦ «አልስማማም። ዕድሜን መለየት ከተፈቀደ ጾታን መለየት ለምን ይከለከላል? ቁጥሩ ቁጥር ነው። ደግሞስ ገንዘቡ ከማን ይመጣል? ከወንዶቹ ነው።»

ከወንዶቹ መምጣቱ እውነት ነው፣ አልክድም። ልዩነቱ ግን ማንኛውም ሰው 60ም 70ም መሆኑ የማይቀር ሲሆን፣ ጾታውን ግን ማንም አልመረጠም። በዚህ ላይ እኔና እርስዎ ዛሬ የምንግባባ አይመስለኝም።

የቱሉ ዲምቱዋ እህቴ፣ ባለቤትዎ በሕይወት ካሉ፣ ከዚህ ክርክር ይልቅ ሁለታችሁ እስክታልፉ የሚቆይ ክፍያ ይጠይቁ። ከሁለቱ የኋለኛው የሚያልፍበት ጊዜ ከአንዱ ስለሚርቅ ወርኃዊው ያንሳል፣ ነገር ግን አንዱ ሲያልፍ ቤቱ አይዘጋም።

የገላኑ አባት፦ «10,000 ብር ዛሬ ደኅና ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ጤፍ ስንት ይገባል? እሱን ማን ይመልስልኛል?»

የሁላችን ጭንቀት ይህ ነው፣ አባቴ፤ ከዕድሜ ሠንጠረዡም በላይ የሚጎዳን እሱ ነው። 10,000 ያልኩት ክፍያው ከገበያ ዋጋ ጋር እንዲያድግ፣ ገንዘቡም ከንረቱ በላይ 2 በመቶ እንዲያስገኝ አድርጌ ነው። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ገቢው ከንረቱ በ5 በመቶ ወደኋላ ቢቀር እንኳን አካፋዩ ከ15 ወደ 30 ይዘላል፣ ወርኃዊው የመግዛት አቅምም ከ5,000 ብር በታች ይሆናል።

በሌላ በኩል ድርጅቱ 8 በመቶ ወለድ አስቦ፣ ክፍያውም ፈጽሞ እንዳይጨምር አድርጎ ቢያቀርብልዎ፣ በወር 16,000 ብር ሊያሳይዎ ይችላል። ወረቀት ላይ ደስ ይላል። ዋጋ በዓመት 15 በመቶ ከጨመረ ግን በአምስት ዓመት ውስጥ የዛሬውን 8,000 ብር ያህል ብቻ ይገዛል፤ በ85 ዓመትዎም ያው 16,000 ነው።

ስለዚህ የሚሰጡዎትን ወረቀት በእስክርቢቶ እንዲህ ይፈትሹት። ያለዎትን ገንዘብ ለዓመታዊው ክፍያ ያካፍሉ። ክፍያው ከዋጋ ጋር የሚያድግ ሆኖ ውጤቱ 15 አካባቢ ከመጣ እኔ ከላይ ካደረግሁት ስሌት ጋር የሚቀራረብ ነው። 9 ወይም 10 ከመጣ ክፍያው የማይጨምር መሆኑን ይጠርጥሩና ጭማሪውን የሚናገረውን አንቀጽ ያስነብቡ። ክፍያው የማይጨምር ሆኖ ውጤቱ ከ18 በላይ ከሆነ ደግሞ የራስዎን ብር ያለ ወለድ እየመለሱልዎ ነው፤ ያንን አይፈርሙት።