ሁልጊዜ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ለምን?

«ዶክተር፣ ዕድሜዬ 31 ነው፤ ትዳር ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ባለቤቴ ከተኛች በኋላ በስልኬ ፖርን አያለሁ። ስንት ጊዜ ምዬ ተውኩት፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ እመለስበታለሁ። ለባለቤቴም ያለኝ ፍላጎት ቀንሷል። ታምሜ ነው?»

ወንድሜ፣ መማሉን ለጊዜው ተወው። መሐላ አንድ ሌሊት ከፈረሰ ሁሉም የፈረሰ ስለሚመስል፣ ሰው «አንዴ ወድቄያለሁ» ብሎ እስኪነጋ ያያል። በእሱ ፈንታ ከፖርን ለስምንት ሳምንት የምታርፍበትን መነሻ ቀን ቁረጥ። ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ስልኩን ያነሳህበትን ሰዓትና በዚያን ሰዓት የተሰማህን ጻፍ። ብዙዎች ያኔ የሚያገኙት የወሲብ ፍላጎት ሳይሆን ድካም፣ ኩርፊያ ወይም መሰላቸት ነው።

በዋዜማው ከቴሌግራም ቻናሎቹ ውጣ፤ የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል መግዛትም አቁም። ስልኩ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ። «አላርሜ እኮ እሱ ላይ ነው» እንዳትለኝ፣ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዛ። ግፊቱ ሲመጣ አልጋ ላይ ሆነህ አትታገለው፤ ተነስተህ ወደ ሌላ ክፍል ሂድ። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይበርዳል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል። ከዚያ አንዳንዶች ላይ ፍላጎቱ ጭራሽ ጸጥ ይላል። አንተም የምትወድቀው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ሰው ይደነግጥና «ተበላሸሁ እንዴ?» ብሎ ራሱን በፖርን ይፈትሻል። አትፈትሽ። ያለፉበት ሰዎች እንደሚናገሩት ይህ ጸጥታ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ያልፋል፤ «90 ቀን ከተውከው ይስተካከላል» የሚባል፣ ለሁሉም የሚሠራ ሳይንሳዊ ቀመር ግን የለም። አንድ ሌሊት ብታይ ሰዓቱንና ምክንያቱን ጽፈህ በማግስቱ ከነበርክበት ሳምንት ቀጥል፤ ወደ ዜሮ አትመለስ።

ስለ ሕመሙ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ ከቁጥጥር የወጣ የወሲብ ባሕርይ ራሱን የቻለ መታወክ ነው። መለኪያው ለስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ማቆም አቅቶ ትዳርን፣ ሥራን ወይም ጤናን መጉዳቱ ወይም ሰውየውን ክፉኛ ማስጨነቁ ነው። ጭንቀቱ ሙሉ በሙሉ «ኃጢአት ነው» ከሚል ጸጸት የመጣ ከሆነ ግን ብቻውን ሕመም አያሰኝም፤ እሱን ከነፍስ አባትህ ጋር ተነጋገርበት። እንዳንተ በተደጋጋሚ ሞክሮ ያቃተውና ትዳሩ የተነካበት ሰው ግን ስምንቱ ሳምንት እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ከባለሙያ ጋር ቢነጋገር እመርጣለሁ።

ጠዋት ጠዋት የብልት መቆም ከቀረ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። ስኳር፣ ደም ግፊትና አንዳንድ መድኃኒቶችም ይህን ያመጣሉ።

ፖርኑ ከሥራ የሚያስቀርህ ከሆነ፣ የምታየው ነገር ራስህን ወደሚያስፈራህ ዓይነት እየከፋ ከሄደ ወይም የመከፋት ስሜቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂድ፤ አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሕፃናት ያሉበትን ነገር መፈለግ ከመጣ ወዲያው አቁመህ እርዳታ ጠይቅ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ብቻህን አትደር፤ በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው ነግረህ አብራችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።